ትልቁን ሽቶ ወደ ትንሽ ጠርሙስ መገልበጥ፦ ሳይደፈርስ፣ ሳይተን፣ ሳይፈስ

ባለፈው ዓመት አንድ ጥሩ ሽቶ በገዛ እጄ አበላሸሁ። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ያመጣችልኝ ነበር። የመቶ ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በቦርሳ ይዞ መዞር አይመችም። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ድረስ በታክሲ ግፊያ ብርጭቆ ይዞ መሄድማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ባለ ስፕሬይ ጠርሙስ ገዛሁ። አዲስ ናት፣ ላለቅልቃት ብዬ ከጀሪካን ውሃ ጨመርኩባት። ኮንዶሚኒየማችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ የዚያን ቀን ተራችን አልነበረም። አራገፍኳት። ሥሯ ላይ ትንሽ ውሃ እንደቀረ አይቻለሁ፤ «ምን ያመጣል» አልኩ። ሽቶው ገና ሲገባ እንደ አጓት ነጣ።

ያመጣው ይኼ ነው። ሽቶ በአብዛኛው ኢታኖል ነው። ትንሽ ውሃ አለው፤ በኢታኖሉ ውስጥ ደግሞ የሟሙ የመዓዛ ዘይቶች አሉ። ኦ ደ ፓርፈም በሚባለው ዓይነት ዘይቱ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሆናል። ያ ሁሉ ዘይት ሟሙቶ የሚቆየው አልኮሉ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ነው። ውሃ ሲገባ አልኮሉ ይቀጥናል፤ ዘይቱ ይለይና ለዓይን የማይታይ ጠብታ ሆኖ ይበተናል። ኡዞ የሚባለው የግሪኮች የአልኮል መጠጥ ውሃ ሲጨመርበት ነጭ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠርሙሷ ሥር የቀረው ግማሽ ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ ግን በቂ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም፣ ለእህቴም፣ ለጎረቤትም ብዙ ገልብጫለሁ። እዚህ የምጽፈው በጣም የተለመደውን ዓይነት ነው። ይኸውም አንገቱ በብረት ተጨምቆ ከታሸገ፣ ስፕሬዩ ከማይፈታ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ 5 ሚሊ ሊትር ወደምትይዝ የብርጭቆ ጠርሙስ መገልበጥ ነው። ከዚህ በኋላ አንዱን ትልቁ፣ ሌላዋን ትንሿ እላቸዋለሁ።

ትንሿን መምረጥ

ብርጭቆ ትሁን፤ ክዳኗ ደግሞ በጥምዝ የሚፈታ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ብርጭቆ ከአልኮል ጋር ምንም አይሠራም፣ ሽታም አይዝም። ጥምዙ የሚያስፈልገው ለማጠብ፣ ለማድረቅና ውስጧን ለማየት ነው።

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለውና ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚሰነጠቀው ጠንካራ ፕላስቲክ አልኮል ሲያገኘው ይደበዝዛል፣ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ለስለስ ያለው ፕላስቲክ አይሰነጠቅም፤ ግን መዓዛውን ቀስ በቀስ ይመጥጣል። ለአንድ ሳምንት ጉዞ ይሆናል፣ ለስድስት ወር አይሆንም።

ከታች ቀዳዳ ያላት፣ በአሉሚኒየም የተለበጠች ዓይነትም አለች። የትልቁን ስፕሬይ ጭንቅላት አውልቆ፣ ቀዳዳዋን በዘንጉ ላይ አስቀምጦ ወደ ላይና ወደ ታች መጫን ነው። ቀላል ናት፤ እኔም አንድ አለችኝ። ችግሯ ውስጧ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ አትከፈትም፣ በደንብ አትታጠብም። አንዴ ኡድ ወይም ቫኒላ የገባባት ዕድሜ ልኳን ያንኑ ትሸታለች። አንድ ሽቶ ብቻ መድባችሁላት በጥቂት ሳምንት የምትጨርሱ ከሆነ ግን ምንም አይደል።

ዘይት ሽቶ፣ ማለትም አልኮል የሌለውን ወፍራሙን፣ ስፕሬይ ውስጥ አትጨምሩ። ፓምፑን ይደፍነዋል። እሱ ጫፏ ላይ ኳስ ባላት ጠርሙስ ነው የሚያዘው።

ማጠብ፦ ውሃ አይነካትም

አዲስ ጠርሙስ ንጹሕ አይደለችም። የካርቶን አቧራ አለ፣ የፕላስቲክ ብናኝ አለ፣ ቱቦዋና ጎማዋ ደግሞ የፋብሪካ ሽታ አላቸው። ክዳኗን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ይገባችኋል።

የሚታጠበው በአልኮል ነው። ፋርማሲ በብዛት የሚገኘው ባለ 70 በመቶው ነው። እሱ 30 በመቶ ውሃ ስላለው ለመጀመሪያው እጥበት ብቻ ይሁን። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ባለ 96 በመቶው ያስፈልጋል። እሱ ካልተገኘ ባለ 70ው ይበቃል፤ ግን ማድረቂያውን ጊዜ በእጥፍ አርዝሙት። የእጅ ማጽጃ ጄል አይሆንም፤ የሚያወፍረውና እጅ የሚያለሰልሰው ነገር ጠርሙሷ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ለማቃጠያ የሚሸጠውም ኃይለኛ ሽታ ስላለው አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ ይህን እየሠራሁ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ቡናው ደርሷል። ከሰሉን ወዳንቺ ላውርደው?»

«ኧረ እማማ፣ ዛሬስ እኔ ልውጣ። አልኮል ከፍቼ ነው።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ጠርሙስ ላጥብበት።»

«ታዲያ ለማጠቢያ ከሆነ ካቲካላ አለኝ አይደል፤ ምን ብር ታወጪያለሽ!»

ካቲካላ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ የራሱም ሽታ አለው። በሱ የታጠበች ጠርሙስ ውስጥ የገባ ሽቶ ሰርግ ቤት ሰርግ ቤት ማለቱ አይቀርም። ከሰሉ ግን ቀልድ አይደለም። የኢታኖል ትነት በክፍል ሙቀት እንኳ እሳት ይይዛል። ስትገለብጡ ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የሚነድ ምድጃ ቤት ውስጥ አይኑር።

እጥበቱ እንዲህ ነው። ትንሿን እስከ ሲሶዋ አልኮል ጨምሩባት። ስፕሬዩን ግጠሙና በደንብ ናጧት። ከዚያ አሥር ጊዜ ያህል ወደ ሶፍት እርጩ። ይኼን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጠርሙሷ ብትታጠብም ቱቦውና ፓምፑ ካልታጠቡ ሥራው ግማሽ ነው፤ ሽቶው የሚወጣው በእነሱ ውስጥ አልፎ ነው። የቀረውን ድፉና በአዲስ አልኮል አንድ ጊዜ ድገሙት። በመጨረሻም ባዶዋን ደጋግማችሁ በመጫን ፓምፑ ውስጥ የቀረውን አስወጡ።

ከዚያ ጠርሙሷን በአፏ ደፍታችሁ፣ ስፕሬዩን ለብቻው አጋድማችሁ፣ ንጹሕ ሶፍት ላይ ለ24 ሰዓት ተዉአቸው። ከላይ ሌላ ሶፍት ጣል አድርጉ። በእኛ ሰፈር በበጋ አንድ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ላይ አቧራ ይጋገራል፤ ያ አቧራ ፓምፕ ውስጥ ከገባ ስፕሬዩ መትፋት ይጀምራል። ፀሐይ ላይ ማስጣት አያስፈልግም። ፀጉር ማድረቂያም ጎማውን ስለሚያጣምመው ይቅር።

መድረቋን በዓይን ብቻ አትመኑ። አፏን ወደ አፍንጫችሁ አስጠግታችሁ አሽትቱ። የአልኮል ሽታ ካለ ገና ናት። ምንም የማይሸት ከሆነ ደርሳለች።

አንዱን ርጭት መለካት

ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፦ የእናንተ ትልቁ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ሲጫን ምን ያህል ያወጣል? ብዙዎቹ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሊትር አካባቢ ያወጣሉ፤ ግን ይለያያል። የኔን ለመለካት አዲስ ባለ 2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዛሁ፤ መግፊያውን አውጥቼ ጫፉን ደፈንኩና አሥር ጊዜ ጨመቅሁበት። 0.9 ሚሊ ሊትር ሆነ። ስለዚህ አንዱ ርጭት 0.09 ነው ማለት ነው።

ባለ 5 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እስከ አፏ አትሞላም። አልኮል ሲሞቅ ይለጠጣል፤ መለጠጫ ቦታ ካጣ በክዳኑ በኩል መውጫ ይፈልጋል። አንድ አሥረኛዋን ባዶ ተዉ። እንግዲህ 4.5 ሚሊ ሊትር ያስፈልገኛል፤ ያም በኔ ፓምፕ 50 ርጭት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት። በዓይን መጠን «ትንሽ ትጨምር» ስትሉ ነው ሞልቶ የሚፈሰው።

መገልበጥ

መስኮት ዝጉ። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና አቧራው እስኪሰፍር ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። እኔ ጠዋት ነው የምሠራው፤ ከሰዓት በኋላ የእኛ ሰፈር ነፋስ አይቻልም። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ቅባት የተቀባ እጅ ከአቧራ ይብሳል፤ ሎሽን ተቀብታችሁ ከሆነ ጓንት አድርጉ።

አሁን የትልቁን ጭንቅላት፣ ማለትም በጣት የምንጫነውን ቁራሽ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ትንሽ እያዞራችሁ ብትስቡት ይወጣል። ከሥሩ ቀጭን ዘንግ ብቅ ይላል። እምቢ ካለ በፒንሳ አትታገሉት። ዘንጉ ከተጣመመ ትልቁ ጠርሙስ ራሱ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። አንገቱ ላይ የተጨመቀውን ብረት ለመፈልቀቅም አትሞክሩ፤ አንዴ ከተከፈተ ተመልሶ አይታሸግም።

ጭንቅላቱን የምናወልቀው ለምንድን ነው? ሽቶን ወደ ጉም የሚቀይረው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለችው በጣም ጠባብ ቀዳዳ ናት። ጉም ማለት ሽቶው በሺህ ጠብታ ተከፋፍሎ አየር ውስጥ ገባ ማለት ነው። አልኮሉ ይተናል። ከሁሉ በፊት የሚተነው ደግሞ የሎሚና የብርቱካን ዓይነቱ፣ ገና ሲረጭ ፈንጠዝ የሚያደርገው መዓዛ ነው። የቀረውም ብዙ አየር ተቀላቅሎት ነው ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው። እነዚህ መዓዛዎች ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ሲቆዩ ባሕርያቸው ይቀየራል። ጭንቅላቱ ሲወልቅ ግን የሚወጣው ጉም ሳይሆን ቀጭን የፈሳሽ ክር ነው።

ክሩን ወደ ትንሿ ለመውሰድ አጭር ቱቦ ያስፈልጋል። አንዳንዴ ከትንሿ ጠርሙስ ጋር አብራ ትሸጣለች። በዘንጉ ላይ ጥብቅ ብላ መግባት አለባት። የሲሊኮን ቱቦ ይሆናል። የጉልኮስ ቱቦ ግን አይሆንም፤ ይህን የምለው ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ስለሚያስበው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከፒቪሲ ነው፤ ፒቪሲውን ለማለስለስ የተጨመረበትን ኬሚካል አልኮል አጥቦ ወደ ሽቶው ይወስደዋል። ቱቦዋንም እንደ ጠርሙሷ በአልኮል አጥባችሁ አድርቁ።

ቱቦዋን ዘንጉ ላይ ሰኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጭማቂዎች ሶፍት ላይ ጣሉ፤ ዘንጉ ውስጥ ቆይቶ የነበረው አሮጌ ሽቶ ነው። ከዚያ የቱቦዋን ጫፍ ወደ ትንሿ አፍ አስገቡ። ትልቁ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ካጋደለ ውስጥ ያለው መሳቢያ አየር ይስባል። ቱቦዋን ከሥሯ በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ቀስ ብላችሁ፣ እስከ መጨረሻው። አሥር ስትደርሱ ትንፋሽ ውሰዱ፤ ፓምፑም ይሙላ። በችኮላ ከተጫናችሁት በግማሽ ይወጣል፣ ቆጠራውም ይበላሻል። የቱቦዋ ጫፍ የትንሿን ግድግዳ ቢነካ ጥሩ ነው፤ ሽቶው በብርጭቆው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ አይረጭም፣ አረፋም አያነሳም።

ቱቦ ከሌላችሁ ወይም ጭንቅላቱ እምቢ ካለ ፈነል አለ፤ ዘይት ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ የምንቀዳባት ዓይነት፣ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህለዋ። ትንሿ አፍ ላይ ሰክታችሁ፣ የስፕሬዩን አፍ ወደ ፈነሏ ግድግዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠግታችሁ እርጩ። ጉሙ ግድግዳው ላይ ይጠራቀምና ይወርዳል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲሸት ያ ሁሉ ከጠርሙስ የቀረ ሽቶ መሆኑን እያሰባችሁ ጨርሱ። በዚህ መንገድ እኔ 50 ብዬ የቆጠርኩት 60 አካባቢ ሲደርስ ነው የሚሞላው።

ትልቁ ጠርሙስ በጥምዝ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ፤ በአዲስ ሲሪንጅ ስባችሁ ማስገባት ነው። መግፊያው ጫፍ ላይ ጥቁር ጎማ ያለው ሲሪንጅ በሲሊኮን ዘይት የተቀባ ነው፤ ጎማ የሌለው ከተገኘ እሱ ይሻላል። ባለ ጎማው ብቻ ካለ ሽቶውን ሳታቆዩበት ወዲያው ግፉት። ለሌላ ሽቶ ያንኑ ሲሪንጅ አትድገሙት።

መዝጋትና መፈተን

ከመዝጋታችሁ በፊት የቧንቧ ዕቃ ቤት ጎራ በሉ። ኮንዶሚኒየም ባለበት ሰፈር ሁሉ በየሥሩ አለ። ያቺን ነጭ፣ ቀጭን፣ የቧንቧ ጥምዝ ላይ የምትጠመጠም ቴፍሎን ግዙ። አልኮል አይነካትም፣ ሽታም የላትም። የትንሿን ጥምዝ ላይ ሁለት ዙር፣ ክዳኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት ክዳኑ ሲገባ ይሸበሽበዋል። ከአፏ ከፍ ብሎ የተረፈ ጫፍ ካለ ቁረጡት፤ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ ስፕሬዩን ግጠሙ፣ በጣት ኃይል ብቻ አጥብቁ።

አምስት ስድስት ጊዜ ተጫኑ። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ጠብታ፣ ከዚያ ጉም ይመጣል። ጉሙ እየተቆራረጠ ከተፋ ፓምፑ ውስጥ ቆሻሻ አለ ማለት ነው።

አሁን በሶፍት ጠቅልላችሁ፣ በጎኗ አጋድማችሁ አንድ ሌሊት አሳድሯት። ጠዋት ሶፍቱን አሽትቱ። ካልሸተተ ቦርሳ ውስጥ መግባት ትችላለች። ከሸተተ የት ጋ እንደሆነ እዩ። ሶፍቱ ጥምዙ አካባቢ ከሸተተ አጥብቁ ወይም ቴፍሎን ጨምሩ። ጭንቅላቱ አካባቢ ከሸተተ ግን ፓምፑ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ ስፕሬዩን ቀይሩ።

ስሙንና የገለበጣችሁበትን ቀን ጻፉ። በእርሳስ! የእስክሪብቶና የማርከር ቀለም አልኮል ሲነካው ይፈሳል፤ እርሳስ አይለቅም። ከላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት። ለሰው ለሙከራ ስትሰጡም እንዲሁ፤ ስም የሌላት ጠርሙስ ከወር በኋላ የማን እንደሆነች አንዱም አያስታውስም።

ከደፈረሰ

አትደንግጡ፤ መጀመሪያ ለዩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከአሥር ዲግሪ በታች ሲወርድ አንዳንድ ሽቶ ጠዋት ደብዘዝ ብሎ ይገኛል። ከተፈጥሮ የተገኙ አንዳንድ ዘይቶች ሰም መሰል ነገር ስላላቸው በብርድ ይረጋሉ። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት፤ ወይም መዳፋችሁ ውስጥ ያዙት። ጥርት ካለ ብርድ ነበር፣ ምንም አልሆነም። ሞቆም እንደነጣ ከቀረ ውሃ ገብቶበታል።

ውሃ የገባበትን ባለ 96 በመቶ አልኮል ጠብ እያደረጉ ማጥራት ይቻላል። እኔም ያቺን አሥር ሚሊ ሊትር እንዲያ አድርጌ አጥርቻታለሁ። ግን ቀጠነች። ቀድሞ እስከ ማታ የሚቆየው መዓዛ ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ። መጋረጃ ላይ እየረጨሁ ጨረስኳት።

ቀለሙ ቢጠቁርስ? ቫኒላ ያለበት ሽቶ በጊዜ ብዛት ቡናማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም። ዳኛው አፍንጫ ነው። ሁለት ቁራጭ ነጭ ወረቀት ውሰዱ። አንዱ ላይ ከትልቁ፣ ሌላው ላይ ከትንሿ እርጩ። ወዲያው አሽትቱ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ድገሙ። መጀመሪያ ላይ የትንሿ ፈንጠዝያ ጠፍቶ በኋላ ከተስተካከሉ፣ ስትገለብጡ ብዙ አየር አስገብታችኋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላም የሚኮመጥጥ ወይም የቆየ ዘይት የሚመስል ሽታ ካላት ተበላሽታለች። የሌላ ሽቶ ጥላ ከሸተታችሁ ደግሞ እጥበቱ ነው ያልተሳካው።

ሲሄድ አይፈስም፣ ሲመለስ ይፈሳል

እህቴ እኔ ጋ ሞልታ የሄደችው ጠርሙስ ዱባይ በሰላም ደረሰ። ስትመለስ ግን ሻንጣዋ ሽቶ በሽቶ። «ያንቺ ክዳን ነው» አለችኝ። ክዳኑ አልነበረም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ነው፤ ከእኛ ቤት ብዙም አይለይም። ስለዚህ እዚህ የተሞላች ጠርሙስ ስትሄድ ውስጧና ውጪዋ ያለው ግፊት ተቀራራቢ ነው። ዱባይ ግን ባሕር ዳር ናት። እዚያ በተረጨች ቁጥር በወጣው ሽቶ ምትክ የዚያ ወፍራም አየር ይገባል። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ጠርሙሷ ግማሽ ሽቶ፣ ግማሽ የባሕር ዳር አየር ትሆናለች። አውሮፕላን ላይ የውጪው ግፊት በአንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ሲቀንስ፣ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ሽቶውን በቱቦው ወደ ላይ ይገፋዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትንሿን በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ በዓለም አቀፍ በረራ ፈሳሽ እስከ 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ዕቃ፣ አንድ ሊትር በምትሆን ግልጽ ከረጢት ውስጥ ይፈቀዳል፤ 5 ሚሊ ሊትር ችግር የለባትም። አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ፣ ከረጢቷ ውስጥ እንዳለች ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ጥምዙን ሩብ ዙር አላሉት። ፍስስ ይላል። መልሳችሁ አጥብቁ። ከረጢቱ ውስጥ አንድ ሶፍት ቢኖር አይከፋም። ሻንጣ መጫኛ ውስጥ መግባቷ ግድ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ከምትሆን ባዶ ብትሆን ወይም ሙሉ ብትሆን ይሻላል፤ የሚለጠጠው አየሩ ነው።

ማስቀመጥ

ብርሃንና ሙቀት ይጎዱታል። መስኮት አጠገብ፣ መኪና ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡ። እኔ በካልሲ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖራለሁ። በደንብ የተሞላች የብርጭቆ ጠርሙስ እንዲህ ሆና ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለችግር ቆይታልኛለች። ግማሿ ሲቀር ግን ቶሎ ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ሽቶው የሚውለው ከአየር ጋር ነው። በዚሁ ምክንያት ትልቁ ጠርሙስ 18 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲቀረው ወደ ሁለት ባለ 10 ጠርሙሶች መገልበጥ ይጠቅመዋል። ሰፊ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ብቻውን ከሚቀር በጠባቡ ቢሞላ ይሻለዋል።

ከጉዞ ስትመለሱ ትንሿ ውስጥ የተረፈችውን ግን ወደ ትልቁ አትመልሱ። በጥምዝ የሚከፈት ቢሆንም አትመልሱ። ሁለት ሳምንት ቦርሳ ውስጥ ሞቃ፣ ተንጣ፣ አየር ጠጥታ የመጣች አንድ ሚሊ ሊትር ናት። ልብሳችሁ ላይ እርጩና ጨርሷት፤ ጠርሙሷንም ወዲያው በአልኮል አጥባችሁ ለዚያው ሽቶ አስቀምጧት።